በኦፕሬሽን ለምትወልድ እናት የሚሰጥ አንድ ገጽ ወረቀት፦ አንብባችሁ አስተያየት ስጡኝ

አዋላጅ_ከጣና

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክትትል ላይ ቀን ተቆርጦላቸው በኦፕሬሽን የሚወልዱ እናቶች አሉን። የሚፈርሙበት ቅጽም አለ። ቅጹ ግን «ስለ ሕክምናው ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ» ይልና ስም፣ ፊርማ፣ ምስክር ብሎ ያልቃል። ምን እንደተነገራት አይታይበትም። ይዛውም ወደ ቤት አትሄድም። ብዙዎቹ የሚፈርሙት ደግሞ ጋውን ለብሰው፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሊገቡ ሲሉ ነው።

ስለዚህ በ36ኛው ወይም በ37ኛው ሳምንት የሚሰጥ ወረቀት ጀምሬያለሁ። ቤቷ ይዛው ትሄዳለች፤ ከባሏና ከእናቷ ጋር ታየዋለች፤ ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች። የጻፍኩት ይህችን ዓይነት እናት አስቤ ነው፦ 27 ዓመቷ ነው፤ ከዘጌ ትመጣለች፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። የመጀመሪያ ልጇን ከ3 ዓመት በፊት በኦፕሬሽን ወልዳለች። አሁን 37 ሳምንቷ ነው፤ አልትራሳውንድ ላይ ልጁ በመቀመጫው ነው የሚታየው። ለ39ኛው ሳምንት ተቀጥራለች። አንዲት የማውቃት ሴት አይደለችም፤ ከብዙዎች የተሰበሰበች ናት።

ረቂቁ ይኸውና፦

*ለምን ኦፕሬሽን ተባለ? ልጅሽ ጭንቅላቱ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ነው። ማህፀንሽ ላይ ደግሞ የበፊቱ ስፌት አለ። ስለዚህ በምጥ ከምትወልጂ በኦፕሬሽን ብትወልጂ ይሻላል ብለን እናስባለን።*

*ከመምጣትሽ በፊት። ቀጠሮሽ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ማታ እራትሽን ብይ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ምግብም ወተትም አትቅመሺ። ንጹሕ ውሃ ግን እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ መጠጣት ትችያለሽ። ከቀጠሮሽ በፊት ምጥ ከጀመረሽ፣ ሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ደም ካየሽ ቀኑን አትጠብቂ፤ ወዲያው ነይ።*

*ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ። እጅሽ ላይ ግሉኮስ ይገጠምልሻል። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ መድኃኒት በመርፌ ይሰጥሻል። ጀርባሽን አንድ መርፌ ትወጊያለሽ፤ ከወገብሽ በታች ይደነዝዛል። የሽንት ቱቦ ይገባልሻል፤ በማግስቱ ይወጣል። እንቅልፍ አይወስድሽም፤ ትሰሚያለሽ፣ ታወሪያለሽ። ሆድሽ ከታች በኩል በአግድም ይቀደዳል። ብዙ ጊዜ ልጁ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ተሰፍቶ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የበፊት ስፌት ስላለ ትንሽ ሊረዝም ይችላል።*

*ሊያጋጥም የሚችለው። ከ100 እናቶች 6ቱ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ከ1,000 እናቶች 7 ወይም 8ቱ ደሙ አልቆም ብሎ ማህፀናቸው ይወጣል። ከ1,000 እናቶች የአንዷ የሽንት ፊኛ ይጎዳል። ከ100 ሕፃናት 1 ወይም 2ቱን ምላጩ ትንሽ ይጭራቸዋል። ከ12,000 እናቶች አንዷ ትሞታለች።*

*ከዚያ በኋላ። በማግስቱ ተነስተሽ ትራመጃለሽ። ሦስት ቀን ያህል ሆስፒታል ትቆያለሽ። ቁስሉ ላይ ምንም ነገር አትቀቢ።*

ቁጥሮቹን የወሰድኩት የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2009 እ.ኤ.አ. ካወጣው የስምምነት ምክር ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያልገባችሁ የቱ ጋ ነው? የጎደለውስ ምንድን ነው?

የሁለት_ልጆች_እናት

እህቴ ተባረኪ። እኔ በኦፕሬሽን ወልጃለሁ፤ አንድ ነገር በጣም ጎድሎብሻል። «ይደነዝዛል» ብቻ ብለሽ አትለፊው። እኔም የተነገረኝ እሱ ብቻ ነበር። ምንም የማይሰማኝ መስሎኝ ገባሁ። ከዚያ ሆዴ ውስጥ ሲጎትቱ፣ ሲጫኑ ይሰማኛል። ልጁ ሊወጣ ሲል ደረቴ ድረስ የሚጫን ነገር መጣ። ማደንዘዣው የለቀቀኝ መሰለኝ። መጮህ ፈለግሁ፤ ግን ሥራቸውን የማበላሽባቸው መሰለኝና ዝም አልኩ። እየተንቀጠቀጥኩ ነው የጨረስኩት። በኋላ ሳወራ ብዙ ሴት እንደዚያ ይላል። አስቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ያን ያህል አልፈራም ነበር።

መንቀጥቀጡንም ጻፊው። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ልሞት ነው ብዬ ነበር።

አባት_ሊሆን_ነው

ጥሩ ርዕስ ነው። እኔም ጥያቄ ነበረኝ። ባለቤቴ 34 ሳምንቷ ነው። አልትራሳውንድ ላይ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል ተባልን። ወረቀቱ ላይ ስለ እሱ ምንም የለም። አሁኑኑ ኦፕሬሽን እንድትደረግ ልጠይቅ? ዋጋውስ ስንት ነው? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አዋላጅ_ከጣና

ወንድሜ አይዞህ። ወረቀቱ ለሌላ ጉዳይ ስለሆነ ነው ያላገኘኸው። እትብት አንገት ላይ መጠምጠም ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ልጆች አንዱ እንደዚያ ሆኖ ይወለዳል፤ አብዛኛው በምጥ፣ በሰላም። ራሱ ይጠመጠማል፣ ራሱ ይፈታል። እሱ ብቻውን ኦፕሬሽን አያስደርግም። ክትትሏን ትቀጥል፤ በምጥ ጊዜ የልጁ የልብ ምት ይታያል። የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው ከቀነሰባት ግን በዚያው ቀን ይዘሃት ሂድ። ዋጋውን በተመለከተ፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ በነፃ ነው፤ ኦፕሬሽኑም ጭምር። መድኃኒት ሲጠፋ ከውጭ ግዙ ሊባል ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ መያዙ አይከፋም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ያልሽው በቀጥታ ይገባል። አመሰግናለሁ።

ግሽ_ዓባይ

እኔ የማየው ችግር ሌላ ነው። አንዴ በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ከዚያ በኋላ ሁሌም በኦፕሬሽን ነው የምትወልደው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ ለዚህች እናት ለምን ኦፕሬሽን እንደተባለ ማብራራት አያስፈልግም። ደግሞም ባሏ ካልፈረመ ማንም አይነካትም። ወረቀቱን ለባልየው ጻፊው። እህቴን ሲያስፈርሟት ባሏ ከደንገል እስኪመጣ ድረስ ጠብቀዋል፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሐኪም_ጎጃም

አዋላጇ፣ ይህን መጀመርሽ ደስ ብሎኛል። ለረጅም ጊዜ በማህፀንና ጽንስ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ቅጹ እንዳልሽው ነው።

መጀመሪያ ለግሽ ዓባይ። ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ማህፀኗ ከታች በአግድም አንድ ጊዜ ብቻ የተቀደደ እናት፣ ልጇ በጭንቅላቱ ከመጣና ሌላ ችግር ከሌለ፣ በምጥ መሞከር ትችላለች። ከሚሞክሩት አራት እናቶች ሦስቱ ያህል ይሳካላቸዋል። አደጋው የበፊቱ ስፌት በምጥ ጊዜ መተርተሩ ነው፤ ከ1,000 እናቶች ወደ 5 ይሆናል። ስለዚህ የሚሞከረው በማንኛውም ሰዓት ኦፕሬሽን መሥራት በሚችል ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥም ጤና ጣቢያም አይሆንም። ሁለት ጊዜ የተቀደደችን ግን እዚህ አካባቢ በአብዛኛው በኦፕሬሽን ነው የምናዋልደው።

ይህ ለወረቀትሽ ለምን ይጠቅማል? የዘጌዋ እናት አሁን አንድ ስፌት ነው ያላት። ይህ ኦፕሬሽን ከተደረገ ሁለት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ዛሬ የምትፈርመው ስለሚቀጥለው ልጇም ጭምር ነው። አምስት ልጅ የምታስብ ከሆነ ይህን ከመፈረሟ በፊት ማወቅ አለባት። ወረቀትሽ ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን በደንብ ይናገራል፤ ስለሚቀጥለው እርግዝና ግን አንድ ቃል የለውም።

እኔ ብጽፈው እንደዚህ እላለሁ። «ከዚህ በኋላ ስታረግዢ እንግዴ ልጁ ስፌቱ ላይ ሊያርፍና ከማህፀንሽ ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ይፈሳል፤ ማህፀን እስከማውጣት ሊደርስ ይችላል። እስከ ሦስተኛው ኦፕሬሽን ድረስ ይህ የሚያጋጥማቸው ከ100 እናቶች ከአንድ በታች ናቸው። ከአራተኛው ጀምሮ ከ2 ያልፋሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው እርግዝናሽ አልትራሳውንድ ስትነሺ እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ ጠይቂ።» ይህች የመጨረሻ መስመር እናት ታድናለች። እንግዴ ልጁ ስፌቱ ላይ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ደም ተዘጋጅቶ፣ የለመደ ሰው ተጠርቶ ይሠራል። ሳይታወቅ ሌሊት ደም እየፈሰሳት ስትመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉድለት «እምቢ ብልስ?» ለሚለው መልስ አለመኖሩ ነው። አማራጩ ካልተነገራት ስምምነት ልንለው አንችልም። እውነቱን ጻፊላት። ልጁ በመቀመጫው ሆኖ በምጥ ለመውለድ ሲታቀድ ከ10,000 ሕፃናት 20 ያህል ይሞታሉ። በ39ኛው ሳምንት በኦፕሬሽን ሲታቀድ 5 ያህል ናቸው። ይህም የእንግሊዞቹ ቁጥር ነው፤ በመቀመጫው የመጣ ልጅ ማዋለድ የለመደ ሰው ባለበት ቦታ። እኛ ዘንድ ያን የለመደ ሰው እየጠፋ ነው። አንዳንድ ሴት ይህን ሰምታ «ልሞክር» ትላለች። ያኔ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ያወራታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ አንቀጽ 20 ላይ ማንም ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል።

ሌላው፣ ልጁ ይዞራል! በ37ኛው ሳምንት በመቀመጫው የነበረ በ39ኛው በጭንቅላቱ ሊሆን ይችላል። ሆኖ አይቻለሁ። ስለዚህ «በቀጠሮሽ ጠዋት ልጁ የት እንዳለ እንደገና እናያለን፤ ካልታየ ጠይቂ» የሚል መስመር ይግባ። ከዞረ ኦፕሬሽን የተባለበት ዋናው ምክንያት አይኖርም፤ ንግግሩ እንደገና ይጀመራል። ምክንያቱ ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፉ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ግሽ ዓባይ፣ ማብራሪያው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አዋላጅ_ከጣና

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የቁጥሮቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። የእንግሊዝን ቁጥር ለባሕር ዳር እናት መስጠት ልክ ነው?

ሐኪም_ጎጃም

እንዳለ መገልበጡ ልክ አይደለም። ኢንፌክሽኑን ውሰጂ። ያንቺ ወረቀት ከ100 እናቶች 6 ይላል። በአገራችን የተሠሩት ጥናቶች ሲደመሩ ወደ 10 ይጠጋል፤ ይህን ቀይሪው። ማህፀን ማውጣቱን በተመለከተ የጻፍሽው በድንገት የሚደረጉትንም ጨምሮ ነው። ቀን ተቆርጦላት፣ ደም ሳይፈሳት ለምትገባ እናት ከዚያ ያነሰ ነው። ሞትን በተመለከተ «ከ12,000 አንዷ» የሚለውን እኔ አልጽፈውም፤ የእኛ አይደለም። «በጣም ጥቂት ጊዜ ቢሆንም እናት ልትሞት ትችላለች፤ ዋናው ምክንያት ደም መፍሰስ ነው» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ደም ሊሰጣት እንደሚችል ጨምሪ፤ ደም መቀበልን የማትፈልግ ካለች ያኔ ታውቂያለሽ።

ሌላ ትንሽ ነገር። አንዱን ከ100፣ ሌላውን ከ1,000፣ ሌላውን ከ12,000 ስትይ አንባቢዋ ማወዳደር አትችልም። ሁሉንም ከ1,000 አድርጊው። ኢንፌክሽን ከ1,000 እናቶች 100፤ የፊኛ ጉዳት ከ1,000 አንዷ። ያኔ የትኛው የተለመደ፣ የትኛው ብርቅ እንደሆነ ወዲያው ይታያታል።

ሰመመን_ባለሙያ

ዘግይቼ ነው ያየሁት። የማደንዘዣውን ክፍል እኔ ላስተካክልልሽ።

የሁለት ልጆች እናት የጻፈችው ትክክል ነው። መርፌው ሕመምን ያጠፋል፤ መነካትና መጎተት ግን ይሰማል። ይህ የተለመደ ነው። የምላጭ ዓይነት ሕመም ከተሰማት ግን የተለመደ አይደለም፤ ወዲያው መናገር አለባት። ከመቀደዱ በፊት በቀዝቃዛ ነገር እየነካን እንፈትሻለን። «ይቀዘቅዝሻል?» ስንላት እውነቱን ትናገር። አንዳንዷ ሐኪሙን ላለማስቸገር «የለም» ትላለች። ወረቀቱ ላይ «ብትናገሪ ሥራ አታበላሺም፤ እንድትናገሪ እንፈልጋለን» ብለሽ ጻፊላት። መርፌው በቂ ካልሆነ መድኃኒት እንጨምራለን፤ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ እናስተኛታለን። «እንቅልፍ አይወስድሽም» ብለሽ ብቻ ከተውሽው፣ ያኔ ስትሰማ ልትደናገጥ ነው። «አስፈላጊ ከሆነ ልትተኚ ትችያለሽ» ጨምሪበት።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ የደም ግፊት ይወርዳል። ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ዓይን ጭልም ማለት ይመጣል። ይህም ይነገረን፤ መድኃኒቱ እጃችን ላይ ነው፣ በደቂቃ ይስተካከላል። እግሯ ለጥቂት ሰዓት አይታዘዝላትም፤ ሁለት ሰዓትም አራት ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ሽባ ሆንኩ ብላ የምታለቅስ አለች።

የራስ ምታቱንም አትርሺ። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን የሚጀምር፣ ቁጭ ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚለቅ ራስ ምታት ከመርፌው ሊመጣ ይችላል። ቀጭን መርፌ ስንጠቀም ብርቅ ነው። እኛ ግን ሁሌ ቀጭኑን አናገኝም፤ ወፍራሙ ሲሆን ይበዛል። እቤቷ ከገባች በኋላ ከጀመራት ትመለስ።

«የጀርባ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል» የሚለውን ሁሉም ይጠይቀኛል። የተወጋችበት ቦታ ለጥቂት ቀን ያማታል። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን በምጥ የወለዱትም ላይ አለ፤ መርፌው እንደሚያመጣው አልታየም።

የሁለት_ልጆች_እናት

እኔን ግን አምስት ዓመት ሙሉ ወገቤን ያመኛል። ከዚያ በፊት አያመኝም ነበር።

ሰመመን_ባለሙያ

እህቴ፣ ሕመምሽን አልክድም። የሚያምሽ ከሆነ ታዪ፤ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል «የመርፌው ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው የምለው።

ጤና_ኤክስቴንሽን_ዘጌ

ሰላም። እኔ ዘጌ ነኝ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎቹ እናቶቻችን አያነቡትም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰችውም ቢሆን አማቷና ባሏ ባሉበት ድምፅ አውጥታ አታነበውም። እኔ ነኝ ቤት ለቤት ሄጄ የማነብላቸው። ለጆሮ እንዲመች ጻፊልኝ። ቁጥር ሲደራረብ ይጠፋባቸዋል። ከአራት በላይ ቁጥር ባይኖርበት እመርጣለሁ።

ካነበብኩላቸው በኋላ ደግሞ «ገባሽ?» ብዬ አልጠይቅም። ሁሉም «አዎ» ነው የሚሉት። «እስቲ ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ ንገሪኝ» እላለሁ። የቱ ጋ እንደጠፋባት ያኔ ይታየኛል። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ይህን ለሚያነብላት ሰው የሚያስታውስ አንድ መስመር ቢኖር ጥሩ ነው።

«ምጥ ከጀመረሽ ወዲያው ነይ» ያልሽው እኛ ዘንድ አይሠራም። ሌሊት ጀልባ የለም። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ባለጀልባውም አይደፍርም። በመኪና መንገዱም መኪና እስኪገኝ ድረስ ነው። ደቅ ደሴት ላይ ላለችማ ይብሳል። «ከ38ኛው ሳምንት ጀምሮ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ወይም የእናቶች ማቆያ ግቢ» ማለት ይሻላል። ዘመድ የላትም እንደሆነ በክትትሉ ጊዜ ይጠየቅ።

ደግሞ ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት ጻፉ። «ከባድ አትሸከሚ» ሲባል ጀሪካን ከባድ አይመስላትም፤ በየቀኑ የምታነሳው ነው። «ለስድስት ሳምንት ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ፤ ውሃም እንጨትም» በሉ። ይህን ለአማቷ ጭምር ነው የማነበው። ቁስሉ ላይ «ምንም አትቀቢ» ብቻ ስትሉ ቅቤ ምንም አይመስላቸውም። ቅቤም፣ ቅጠልም፣ አመድም ብላችሁ ጥሩት።

አዋላጅ_ከጣና

ይህን ነበር የፈለግሁት። አመሰግናለሁ እህቴ። የመመለሻ ምልክቶቹንስ እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ?

ጤና_ኤክስቴንሽን_ዘጌ

የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው የሚይዙት። «ኢንፌክሽን» ስላቸው ዝም ነው። «ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ መግል ካወጣ፣ ከተከፈተ» ስል ይገባል። «ብርድ ብርድ ካለሽና ካተኮሰሽ»፣ «ከታች የሚወጣው ከሸተተ»፣ «ሞዴሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከረጠበ»፣ «አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ»፣ «ትንፋሽ ካጠረሽ»፣ «ራስሽን በኃይል ካመመሽና ዓይንሽ ከጨለመ»። ቁስል እኛ ዘንድ ሲበላሽ የማየው ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው፤ ሳምንት አካባቢ። ሆስፒታል ያለው ሰው ይህን አያየውም።

የሁለት_ልጆች_እናት

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔን ሆዴ ተከፍቶ እያለ «ሉፕ እናስገባልሽ?» አሉኝ። በዚያ ሰዓት ማን ያስባል? «እሺ» አልኩ። በኋላ ባለቤቴ ጋ ችግር ሆነ። ሌላዋ ጓደኛዬ ደግሞ ማህፀኗ እንደተቋጠረ ያወቀችው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው፤ ፈርማለች ተባለች። አንድ ፊርማ ይህን ሁሉ ይጨምራል እንዴ?

ሐኪም_ጎጃም

አይጨምርም። የኦፕሬሽኑ ፊርማ ለኦፕሬሽኑ ነው። ሕይወቷን ለማዳን ሲባል የሚደረግ ነገር፣ ለምሳሌ ደም አልቆም ሲል ማህፀን ማውጣት፣ አስቀድሞ ተነግሯት በዚያው ፊርማ ይካተታል። ሉፕም ሆነ ማህፀን መቋጠር ግን ሊጠበቅ የሚችል ነገር ስለሆነ ለየብቻው፣ በክትትል ጊዜ፣ ሰከን ብላ ባለችበት ሰዓት ይጠየቃል። በተለይ መቋጠሩ እንደማይመለስ ተቆጥሮ ነው የሚነገራት። ለጓደኛሽ የተደረገው መሆን ያልነበረበት ነው። አዋላጇ፣ ወረቀቱ ላይ ግልጽ አድርጊው፦ «ይህ ወረቀት ስለ ኦፕሬሽኑ ብቻ ነው። የወሊድ መከላከያ ከፈለግሽ ለብቻው እንነጋገራለን። ሆድሽ ተከፍቶ እያለ ቢጠይቁሽ ‹በኋላ› ማለት ትችያለሽ።»

ግሽ_ዓባይ

እሺ፣ ስለ ስፌቱ ተምሬያለሁ። የባልን ፊርማ ግን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ያየሁት ያየሁት ነው።

ሐኪም_ጎጃም

ያየኸውን አልክድም፤ ይደረጋል። ግን ለአካለ መጠን የደረሰች፣ አእምሮዋ የሚሠራ ሴት ለራሷ አካል የምትስማማው ራሷ ናት። የባል ፊርማ ይጠበቅባታል የሚል ሕግ የለም። ባልየው ቢያውቅ፣ ቢረዳት፣ ደም ቢሰጥ ጥሩ ነው። የእሱ ፊርማ እስኪመጣ ኦፕሬሽን ማዘግየት ግን ልጁንም እሷንም ሊጎዳ ይችላል። ለምን ይደረጋል ካልክ፣ ባለሙያው በኋላ የሚመጣበትን ጣጣ ይፈራል።

ጤና_ኤክስቴንሽን_ዘጌ

ዶክተር፣ ሕጉ እንዳሉት ነው። እኔ ግን መንደር ውስጥ ነው የምኖረው። ባል ሳያውቅ ፈርማ የመጣች ሴት ቤት ስትገባ የሚገጥማትን አያለሁ። ወረቀቱ ላይ «የባልሽ ፊርማ አያስፈልግም» ብላችሁ በትልቁ ብትጽፉት እኔ ቤት ውስጥ እሱ ፊት ማንበብ ይከብደኛል። «የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» በሉት። በዚያው ልክ ነው፣ ጠብም አያመጣም።

ሐኪም_ጎጃም

በዚህ አልስማማም፤ በግልጽ ካልተጻፈ የሚዘገየው አይቆምም። ግን ቤት ውስጥ የምታነቢው አንቺ ነሽና ፍርዱን ለአዋላጇ እተዋለሁ።

አዋላጅ_ከጣና

ሁሉንም ሰብስቤ የቀየርኳቸውን ክፍሎች ላስቀምጥ። ሌላው እንዳለ ነው።

*ለምን ኦፕሬሽን ተባለ? ልጅሽ በመቀመጫው ስለመጣና ማህፀንሽ ላይ አንድ ስፌት ስላለ ነው። ልጁ ሊዞር ይችላል። በቀጠሮሽ ጠዋት እንደገና እናያለን፤ ካላየን ጠይቂን። በምጥ መውለድን ከመረጥሽ ንገሪን። በመቀመጫው የመጣን ልጅ በምጥ መውለድ ለልጁ የበለጠ አደጋ አለው፤ ሐኪም ቁጭ ብሎ ያወራሻል። የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ከፈረምሽም በኋላ ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ።*

*መቼ ትመጫለሽ? ከሐይቁ ማዶ ከሆንሽ ከ38ኛው ሳምንት ጀምሮ ባሕር ዳር ሁኚ። ማደሪያ ከሌለሽ ዛሬ ንገሪን።*

*ምን ይሰማሻል? መርፌው ሕመሙን ያጠፋል፤ መጎተትና መጫን ግን ይሰማሻል። ልትንቀጠቀጪ፣ ሊያቅለሸልሽሽ ይችላል። እግርሽ ለጥቂት ሰዓት አይታዘዝም። የሚቆርጥ ሕመም ከተሰማሽ ወዲያው ተናገሪ፤ ሥራ አታበላሺም። መድኃኒት ይጨመርልሻል፤ ካስፈለገ ትተኛለሽ።*

*ምን ሊያጋጥም ይችላል? እንደ አንቺ ኦፕሬሽን ከሚደረጉ 1,000 እናቶች 100 ያህሉ ቁስላቸው ወይም ማህፀናቸው ያመረቅዛል፤ አብዛኛው በመድኃኒት ይድናል። ከ10 ያነሱት ደሙ አልቆም ብሎ ሕይወታቸውን ለማዳን ማህፀናቸው ይወጣል። የአንዷ የሽንት ፊኛ ይጎዳል፤ ይሰፋል። ደም ሊሰጥሽ ይችላል። በጣም ጥቂት ጊዜ ቢሆንም እናት ልትሞት ትችላለች።*

*የሚቀጥለው ልጅሽስ? ከዚህ በኋላ ሁለት ስፌት ይኖርሻል። የሚቀጥለውንም በኦፕሬሽን የምትወልጂ ይመስላል። ስፌት በበዛ ቁጥር እንግዴ ልጁ ስፌቱ ላይ የመጣበቁ ነገር ይጨምራል። ስታረግዢ በጊዜ ክትትል ጀምሪ፤ እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ ጠይቂ። ምጥ ሲጀምርሽ ቤት ውስጥ አትቆዪ። ስትወጪ ማህፀንሽ እንዴት እንደተቀደደ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጥሻል፤ ከክትባት ካርዱ ጋር አስቀምጪው።*

ቁጥሩን ወደ ሦስት አውርጄዋለሁ። ዶክተር የሰጡኝ የሕፃናቱ ሞት ቁጥር አንብቦ ለሚያወራት ባለሙያ ከጀርባው ይጻፋል። የሴቲቱ ወረቀት ላይ ይሁን አይሁን ገና አልወሰንኩም፤ አንዳንዷ ማወቅ ትፈልጋለች። የባልን ፊርማ በተመለከተ የእህቴን አጻጻፍ ወስጃለሁ። የሆስፒታሉ ቅጽ ላይ ያለው «የባል ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር እንዲነሳ ደግሞ ለብቻው ማመልከቻ እጽፋለሁ።

ሐኪም_ጎጃም

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል። ማመልከቻው ላይ እኔም እፈርማለሁ። «እንዴት እንደተቀደደ የተጻፈበት ወረቀት» ያልሽው ግን ተስፋ ብቻ እንዳይሆን። ስንቶቹ መውጫ ካርዶች ላይ «ሲኤስ ተሠርቷል» ብቻ ነው የሚጻፈው። ወደ ታች ነው ወይስ በአግድም የሚለው ካልተጻፈ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይጠቅመውም።

አባት_ሊሆን_ነው

ለመልሱ አመሰግናለሁ። ዛሬ ባለቤቴን ይዤ ሄጄ ነበር። የልጁ ልብ ምት ደህና ነው አሉን። ይህን ወረቀት የእኛ ባይሆንም አትሜ ወሰድኩላት፤ «ልጁ የት እንዳለ ጠይቂ» የሚለውን እሷ ራሷ አንብባ ጠየቀቻቸው።

ጤና_ኤክስቴንሽን_ዘጌ

እህቴ፣ ሐሙስ እለት ነፍሰ ጡሮቹ ጤና ጣቢያ ይሰበሰባሉ። አዲሱን ላኪልኝ፤ አነብላቸዋለሁ። መልሰው ሲነግሩኝ የቱን ዘለው እንደሚናገሩ ጽፌ እልክልሻለሁ። ፊደሉን ግን አተልቂው፤ የጤና ጣቢያው ክፍል ጨለማ ነው።

አዋላጅ_ከጣና

በትልቁ አትሜ በነገው የጠዋት ጀልባ እልካለሁ።